አምስቷ ዶላር የት ገባች?

ይድረስ ለተከበሩ አያቴ፤
ደሴ

እማማ፣ ባለፈው እሑድ በስልክ ያሉኝ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። «ያለፈው ወር 29,600 ብር ተቀበልኩ፣ በዚህ ወር 28,600። የላክሽው ያው 200 ዶላር ነው። አብሮኝ ባንክ የሄደው ልጅ አንድ ሺህ ብሯን ሳያነሳት አልቀረም» አሉኝ። ልጁን አይቆጡት፤ አንድ ሳንቲም አልነካም። ብሩ የጎደለው ደሴ ሳይደርስ ነው፤ ያጎደልኩትም እኔ ነኝ። በስልክ ላስረዳዎት ብሞክር መስመሩ ተቆራረጠብኝ፤ ስለዚህ ልጁ ቀስ ብሎ እንዲያነብልዎ ጻፍኩት።

ነገሩ የጀመረው ከዚያች ከአምስት ዶላሯ ነው። ያለፈውን ወር ደረሰኝ ፎቶ አንስቼ ስልክልዎ፣ 200 ከሚለው ሥር 5 የሚል ቁጥር አይተው «ይህቺ ምንድን ናት?» ብለውኝ ነበር። በእንግሊዝኛ «ትራንስፈር ፊ» ትባላለች፤ የማስተላለፊያ ክፍያ ማለት ነው። ከእርስዎ ብር ላይ የተቆረጠች አይደለችም። እኔ እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ከ200ው በላይ ጨምሬ የከፈልኳት ናት፤ ከኪሴ የወጣው 205 ዶላር ነው። ከዚህ ክፍያ ገንዘቡን የተቀበለኝ ሱቅ ድርሻውን ያነሳል፣ አስተላላፊው ድርጅት የራሱን ያስቀራል፣ ለእርስዎ ቆጥሮ ለሚሰጠው ባንክም ኮሚሽን ይከፍላል። ስለዚህ የሚስጥር ቁጥሩን ይዘው መስኮቱ ጋ ሲቀርቡ፣ «የአገልግሎት» ብሎ ተጨማሪ ብር የሚጠይቅዎ ሰው ካለ፣ ሳይከፍሉ ደረሰኝ ይጠይቁት።

እርስዎ ግን ለእኔ አዝነው «የጎረቤቴ ልጅ ምንም ሳትከፍል ነው የምትልከው፤ አንቺ ለምን ትበዘበዣለሽ?» አሉኝ። እውነት መስሎኝ በዚህ ወር «ክፍያ የለም» ብሎ በትልቁ ወደ ጻፈ ሌላ ድርጅት ሄድኩ። አዲሱ ደረሰኝ ላይ የክፍያው መስመር ዜሮ ይላል። አምስት ዶላሬን አተረፍኩ ብዬ ተደስቼ ወጣሁ። ከሥሩ ያለችውን መስመር አላየሁም።

ያቺ መስመር የምንዛሪው ናት። አንድ ዶላር ስንት ብር ሆኖ እንደሚደርስዎ የምትናገረው እሷ ናት። በሁለቱም ቀን እዚያ ባንኮቹ አንዱን ዶላር በ150 ብር ይገዙ ነበር፤ ስለዚህ 200 ዶላር ሙሉ ዋጋው 30,000 ብር ነው። አምስት ዶላር ያስከፈለኝ ድርጅት አንዱን ዶላር በ148 መነዘረው፤ 29,600 ደረሰዎት። ክፍያ የለም ያለኝ ደግሞ በ143 መነዘረው፤ 28,600 ሆነ። እርስዎ ልጁን የጠረጠሩባት አንድ ሺህ ብር ይህቺ ናት።

እርስዎ ገበያ የሚያውቁ ሰው ነዎት። አንዱ ጤፍ ሻጭ ቁናውን ሞልቶ ሰፍሮ የተሸካሚ ያስከፍላል። ሌላው «ተሸካሚው በእኔ ነው» ይልና ቁናውን ያጎድላል። ቤትዎ ደርሰው እንደገና ካልሰፈሩት በቀር፣ ሁለተኛው ደግ ሰው ይመስላል። የምንዛሪው መስመርም እንደዚያ ቁና ነው። ክፍያው በቁጥር ተጽፎ ይታያል፤ ከምንዛሪ ላይ የተቀነሰው ግን «ይህን ያህል ወሰድኩ» የሚል መስመር የለውም። የዚያን ቀን የባንክ ዋጋ አጠገቡ አስቀምጦ ያላመሳከረ ሰው አያየውም።

እስቲ ሁሉንም በብር እናድርገው። የመጀመሪያው ድርጅት አምስት ዶላር ወሰደ፤ 750 ብር ማለት ነው። ከምንዛሪው ላይ ደግሞ 400 ብር አስቀረ። አንድ ላይ 1,150 ብር። ክፍያ የለም ያለኝ ድርጅት ያስቀረው 1,400 ብር ነው። እኔ 750 ብር ያህል አተረፍኩ፤ እርስዎ ግን 1,000 ብር አጡ። አምስቷን ዶላር ጨምሬ 205ቱን በሙሉ በዚያ በ143 ልኬው ቢሆን እንኳ የሚደርስዎ 29,315 ብር ነበር፤ ከመጀመሪያው ያንሳል።

ይህ ማለት ክፍያ የሚጠይቅ ሁልጊዜ ይሻላል ማለት አይደለም። ያ አምስት ዶላር 50 ብልክም 500 ብልክም ያው አምስት ነው፤ ስለዚህ በየሳምንቱ ሃምሳ ሃምሳ ብልክልዎ በወር 20 ዶላር ለክፍያ ይሄዳል። ለትንሽ ገንዘብ ክፍያው ይከብዳል። ገንዘቡ ሲበዛ ግን የሚጎዳው ምንዛሪው ነው፤ ከእያንዳንዱ ዶላር ላይ ሰባት ብር ቢቀነስ፣ ለቤቱ ጣሪያ ብለን 1,000 ዶላር ስንልክ 7,000 ብር ይቀራል።

ድሮ ለምን እንዲህ አልነበረም ይሉ ይሆናል። እስከ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ድረስ የባንኮች ዋጋ እምብዛም አይለያይም ነበር፤ አንዱ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ከለቀቀው ወዲህ ግን እያንዳንዱ ባንክ የራሱን ዋጋ ያወጣል፤ ከቀን ቀንም ይለወጣል። ስለዚህ ከጎረቤትዎ ጋር ብርዎን ሲያስተያዩ የተላከበት ቀን ካልተመሳሰለ፣ ልዩነቱ የማንም ጥፋት ላይሆን ይችላል።

ደረሰኙ ላይ «ታክስ» የምትል ሌላ መስመርም አለች። ከታኅሣሥ 23 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ከአሜሪካ በጥሬ ገንዘብ የሚልክ ሰው ከመቶ አንድ ለመንግሥት ይከፍላል፤ ለ200 ዶላር ሁለት ዶላር መሆኑ ነው። እኔ ከባንክ ሒሳቤ በካርድ ስለምከፍል አይመለከተኝም፤ በእኔ ደረሰኝ ላይ ዜሮ ሆና ቢያዩዋት አይገረሙ።

አሁን የሚቆጨኝ አንድ ነገር ነው። የዚህ አገር ሕግ ድርጅቱ ገንዘቤን ከመቀበሉ በፊት እነዚህን ቁጥሮች ሁሉ በጽሑፍ እንዲያሳየኝ ያስገድደዋል። ከከፈልኩ በኋላም፣ ገንዘቡ ገና ካልተወሰደ፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ «ተውኩት» ብዬ ክፍያውን ጨምሮ ማስመለስ እችል ነበር። ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ያየሁት እርስዎ ከደወሉልኝ በኋላ ነው።

ከእንግዲህ እንዲህ አደርጋለሁ። ከመላኬ በፊት ሁለት ሦስቱን ድርጅት «205 ዶላር ከኪሴ ቢወጣ፣ አያቴ እጅ የሚገባው ስንት ብር ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። ክፍያውም ምንዛሪውም በዚያች መልስ ውስጥ አሉ። ከዚያ የደረሰኙን ፎቶ እልክልዎታለሁ፤ መጨረሻ ላይ «ለተቀባይ» የሚለውን የብር ቁጥር በቀይ አከብበዋለሁ። ሌላውን መስመር ሁሉ ይተዉትና ያንን ብቻ ይያዙ። ባንክ ሲሄዱ ቆጥረው፣ ከቀዩ ቁጥር ጋር እኩል ከሆነ ፈርመው ይውሰዱ። ካነሰ ከመስኮቱ ሳይርቁ ልጁ ይደውልልኝ፤ ከዚህ ሆኜ ድርጅቱን የምጠይቀው እኔ ነኝ።

ልጁን አንድ ጊዜ ጠርተው ይቅርታ ይበሉልኝ። ይህን ደብዳቤ የሚያነብልዎም እሱ ስለሆነ፣ እዚህ ቦታ ሲደርስ ድምፁ ዝቅ እንደሚል አውቃለሁ።

የልጅ ልጅዎ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ