የበረኪናው ጉልበት ስንት ነው?

አንድ እጅ በረኪና፣ ዘጠኝ እጅ ውሃ። በጤና ተቋማት የፈሰሰ ደም የነካውን ወለል ለማከም 0.5 በመቶ የክሎሪን ውህድ ሲዘጋጅ የሚታወቀው መጠን ይህ ነው። ስሌቱ የሚሠራው ግን በጠርሙሱ ውስጥ ያለው በረኪና እውነትም 5 በመቶ ከሆነ ነው። ውስጡ ወደ 3.5 በመቶ ወርዶ ከሆነ፣ ያው አንድ ለዘጠኝ የሚሰጠን 0.35 በመቶ ብቻ ነው። ይህን በዓይን አይቶም በአፍንጫ አሽትቶም መለየት አይቻልም፤ የደከመ በረኪናም አፍንጫን ይሰነፍጣል።

በረኪና የሚደክመው ዋናው ንጥረ ነገሩ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት በተፈጥሮው የማይረጋ ስለሆነ ነው። ተዘግቶ ቢቀመጥም ቀስ በቀስ ወደ ተራ ጨውና ክሎሬት ወደሚባል ውህድ ይለወጣል፤ ጥቂቱም ኦክስጅን ሆኖ ይወጣል። ጨውም ሆነ ክሎሬት የበረኪናን ሥራ አይሠሩም። ሙቀትና የፀሐይ ብርሃን መዳከሙን ያፋጥኑታል፤ ጠንከር ያለው በረኪና ደግሞ ከቀጠነው ይልቅ ቶሎ ይወርዳል። ስለዚህ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ቁጥር በተሞላበት ጊዜ የነበረውን እንጂ ዛሬ ያለውን አይነግረንም።

የዛሬውን ለማወቅ በኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ የሚሠራበት መንገድ አዮዲንንና ታዮሰልፌትን የሚጠቀም ታይትሬሽን ነው። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ ሃይፖክሎራይትን በዓይን አይቶ መቁጠር ስለማይቻል፣ በቦታው ቀለም ያለውን አዮዲን እንዲያወጣ ይደረጋል። ከዚያ ሶዲየም ታዮሰልፌት በጠብታ እየተጨመረ አዮዲኑ እስኪያልቅ ይጠበቃል። ስንት ታዮሰልፌት እንደፈሰሰ ካወቅን፣ መጀመሪያ ስንት ሃይፖክሎራይት እንደነበረ እናውቃለን።

ሥራው የሚጀምረው በማቅጠን ነው። 10 ሚሊ ሊትር በረኪና በፒፔት ተለክቶ በ100 ሚሊ ሊትር ፍላስክ ውስጥ ይገባና እስከ ምልክቱ ድረስ የተጣራ ውሃ ይሞላበታል። ሳይቀጥን በቀጥታ 10 ሚሊ ሊትር ቢወሰድ የሚፈጀው ታዮሰልፌት ከተለመደው 50 ሚሊ ሊትር ቡሬት በላይ ይሆናል፤ 1 ሚሊ ሊትር ብቻ ልለካ ቢባል ደግሞ የአንዲት ጠብታ ስህተት ውጤቱን ያዛባዋል። በደንብ ከተቀላቀለው ላይ 10 ሚሊ ሊትር ወደ ሌላ ፍላስክ ይወሰዳል። በዚህ ውስጥ ያለው ዋናው በረኪና በትክክል 1 ሚሊ ሊትር ነው።

ቀጥሎ 2 ግራም ያህል ፖታሲየም አዮዳይድ ይጨመርና እስኪሟሟ ይበጠበጣል። አሲዱ የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው። ይህ ቅደም ተከተል መዛባት የለበትም፤ በረኪና ብቻውን ከአሲድ ጋር ሲገናኝ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ አዮዳይዱ ቀድሞ ካለ ግን ክሎሪኑን ወዲያው ይቀበለዋል። በቤት ውስጥም በረኪናን ከሎሚ፣ ከኮምጣጤ ወይም ከመጸዳጃ ቤት አሲድ ጋር መቀላቀል የማይገባው በዚሁ ምክንያት ነው።

የሚመረጠው አሲድ ቀጭን አሴቲክ አሲድ ነው። ብርቱ አሲድ ከገባ፣ በረኪናው ሲያረጅ የተፈጠረው ክሎሬትም ቀስ እያለ አዮዲን ማውጣት ይጀምራል። ያን ጊዜ የሞተው ክፍል ከሕያው ጋር ይቆጠርና ያረጀ በረኪና ጎበዝ መስሎ ይታያል።

አሲዱ እንደገባ ፈሳሹ ባንድ አፍታ ጠይሞ የጠነከረ ሻይ ይመስላል። ይህ አዮዲን ነው። 0.1 ሞላር ታዮሰልፌት ከቡሬቱ ሲለቀቅ ጥቁረቱ ወደ ቀይ ብርቱካን፣ ከዚያም ወደ ቢጫ ይሳሳል። ቢጫው ገርጥቶ ሊጠፋ ሲል ጥቂት የስታርች ውህድ ይጨመራል፤ ፈሳሹም ድንገት ወደ ጥቁር ሰማያዊ ይለወጣል። ከዚህ ወዲያ በጠብታ በጠብታ ነው። አንዲቱ ጠብታ ስትወድቅ ሰማያዊው ጥርግ ብሎ ይጠፋና ፈሳሹ እንደ ውሃ ይጠራል። እዚያው ቆሞ ቡሬቱ ይነበባል።

በአንድ ጠርሙስ ላይ ሦስት ጊዜ ተሠርቶ 9.35፣ 9.40 እና 9.45 ሚሊ ሊትር ተነበበ እንበል። አማካዩ 9.40 ነው። አንድ ሃይፖክሎራይት አንድ የአዮዲን ሞለኪውል ያወጣል፤ ያንን ለማጥፋት ሁለት ታዮሰልፌት ያስፈልጋል። በዚህ ስሌት እያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 0.1 ሞላር ታዮሰልፌት 3.72 ሚሊ ግራም ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ነበር ማለት ነው። 9.40 በ3.72 ሲባዛ 35 ሚሊ ግራም ያህል ይሰጣል። ይህ በ1 ሚሊ ሊትር በረኪና ውስጥ ያለው ስለሆነ፣ በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ 3.5 ግራም አለ፤ 3.5 በመቶ ማለት ነው። ሙሉ 5 በመቶ ቢሆን ኖሮ 13.4 ሚሊ ሊትር በፈጀ ነበር።

ጽሑፉ ጥንካሬውን በክሎሪን መጠን ከገለጸ ግን ማባዣው 3.55 ነው፤ ያው ጠርሙስ 3.3 በመቶ ይሆናል። ሁለቱን አገላለጾች ማደበላለቅ ያልደከመውን በረኪና የደከመ ያስመስላል።

ሥራው ሲበላሽ ምልክት አለው። ስታርቹ አዮዲኑ ብዙ ሳለ ከገባ አዮዲንን አጥብቆ ይይዛል፤ ሰማያዊው እየዘገየ ስለሚጠፋ መጨረሻው ያልፋል። ከፍላስኩ ግርጌ ጥቁር ቅንጣቶች ከታዩ አዮዳይዱ አንሷል። አሲድ የገባበት ፍላስክ ሳይታይትሬት ከቆየ አዮዲኑ በንኖ ውጤቱ ያንሳል። ፈሳሹ ከጠራ በኋላ ደቂቃዎች ቆይቶ ሰማያዊው ቢመለስ ግን አያስደነግጥም፤ የአየር ኦክስጅን አዲስ አዮዲን እያወጣ ነው፤ የሚያዘው የመጀመሪያው ንባብ ነው። ዝም ብሎ የሚያሳስተው ያረጀ ታዮሰልፌት ነው። እሱም እንደ በረኪናው ይደክማል፤ ሲደክም ብዙ ይፈጃልና በረኪናውን ከእውነቱ በላይ ያሳየዋል። የሦስቱ ንባቦች መቀራረብም ይህን አያጋልጥም። ስለዚህ አስቀድሞ በትክክል በተመዘነ ፖታሲየም አዮዴት መፈተሽ አለበት።

የተገኘው ቁጥር ወዲያው ሥራ ላይ ይውላል። ያለው ጥንካሬ ለሚፈለገው ይካፈልና አንድ ይቀነስለታል። 3.5 ለ0.5 ሲካፈል 7 ነው፤ አንድ ሲቀነስ 6። ስለዚህ ለዚህ ጠርሙስ ትክክለኛው መጠን አንድ እጅ በረኪና ለስድስት እጅ ውሃ ነው። የደከመ በረኪና መጣል የለበትም፤ ውሃው ይቀነስለታል። ግን ቁጥሩ የተለካው የዚያን ቀን ነው። ጠርሙሱ በጥላና በቀዝቃዛ ቦታ ካልተቀመጠ፣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ስድስቱም እጅ ውሃ ይበዛበታል።