ስልክ ላይ የሚነበብ ኢሜይል

የቢሮ ኢሜይል አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው ኮምፒውተር ላይ ነው። የሚነበበው ግን ታክሲ ሰልፍ ላይ ወይም በሁለት ስብሰባ መሃል፣ በእጅ ስልክ ነው። ሰፊው ስክሪን ላይ ሦስት መስመር የነበረው አንቀጽ ስልክ ላይ አሥር መስመር ያህል ሆኖ ይቆለላል።

ደግሞም አንባቢው ኢሜይሉን ከመክፈቱ በፊት የሚያያቸው ነገሮች ጥቂት ናቸው፦ የላኪው ስም፣ ርዕሱ እና የመልእክቱ የመጀመሪያ ቃላት። አሁን ይክፈተው ወይስ ማታ፣ የሚወስነው በእነዚህ ነው። እኛ ደግሞ ይህችን ጠባብ ቦታ ለደብዳቤ ወግ እንሰጣታለን። በየመሥሪያ ቤቱ የሚላክ አንድ የተለመደ ዓይነት መልእክት እንይ።

«ጉዳዩ፦ ሥልጠናን ይመለከታል

ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ ለፋይናንስ ክፍል ሠራተኞች ማክሰኞ ጥቅምት 11 ሊሰጥ ታቅዶ የነበረው የሒሳብ አያያዝ ሥልጠና በአዳራሽ እጥረት ምክንያት ለሐሙስ ጥቅምት 13 ከጠዋቱ 3 ሰዓት የተዛወረ መሆኑን እየገለጽን፣ ተሳታፊዎች ላፕቶፕ ይዘው እንዲገኙ፣ መገኘት የማይችሉም እስከ ሰኞ እንዲያሳውቁን በአክብሮት እንጠይቃለን።»

ስልኩ በቅድሚያ የሚያሳየው «ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው» የሚለውን ነው፤ ርዕሱ ግን ምንም አልገለጸም። ከዚህ የባሰው ቀጥሎ ይመጣል። ከፍቶ በችኮላ የሚያነብ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ቀን ማክሰኞ ጥቅምት 11 ነው፤ የተሰረዘው ቀን። «ተዛወረ» የሚለው ከበርካታ መስመር በታች ተቀብሯል። የአማርኛ ግስ ዓረፍተ ነገሩን የሚዘጋ ስለሆነ፣ ዓረፍተ ነገር በረዘመ ቁጥር ውሳኔው ወደ ታች ይወርዳል። «እየገለጽን» እና «መሆኑን» እየተቀጣጠሉ ሦስት ጉዳይ በአንድ ትንፋሽ ሲነገር፣ ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ሳይነበብ ይቀራል። በማግስቱ «እስከ ሰኞ አሳውቁ የተባለው የት ላይ ነው?» የሚል ጥያቄ ሲመጣ ጥፋቱን በአንባቢው ላይ ማላከክ አይገባም።

ያው መልእክት እንዲህ ሊጻፍ ይችላል።

«ርዕስ፦ ሥልጠናው ወደ ሐሙስ ጥቅምት 13 ተዛወረ

የሒሳብ አያያዝ ሥልጠናው ሐሙስ ጥቅምት 13 ከጠዋቱ 3 ሰዓት ይጀመራል። የማክሰኞው ቀርቷል።

እባካችሁ ላፕቶፕ ይዛችሁ ኑ። መገኘት የማትችሉ እስከ ሰኞ ድረስ በዚሁ ኢሜይል አሳውቁን።

ቀኑ የተቀየረው አዳራሽ ባለመገኘቱ ነው። ለተፈጠረው መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን።»

ርዕሱን ብቻ ያየ ሰው እንኳ ዋናውን ነገር አውቋል። አዲሱ ቀን መጀመሪያ መጣ፣ ምክንያቱ መጨረሻ ላይ ተቀመጠ፤ አንባቢው ለምን እንደተቀየረ ሳያውቅ መምጣት ይችላል፣ መቼ እንደሆነ ሳያውቅ ግን አይችልም። አንቀጾቹ ሁለት ሁለት ዓረፍተ ነገር ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ባዶ መስመር ዓይን የሚያርፍበት ነው። ማጠሩ ክብር ይነካል ብለው የሚሰጉ አሉ። በአማርኛ ክብሩ ግሱ ላይ ነው፤ ለኃላፊ ሲሆን «እባክዎ እስከ ሰኞ ያሳውቁን» ማለት በቂ ነው። ሰላምታም ካስፈለገ አንዲት አጭር መስመር ይብቃው።

ቅርጽ ማሳመርን በተመለከተ፣ ችግሩ በአብዛኛው የሚመጣው ከዎርድ ላይ ገልብጦ ከመለጠፍ ነው። የፊደሉ መጠንና ቀለም አብሮ ይመጣል። ጥቁር ተብሎ የተወሰነ ጽሑፍ ስልኩ በጨለማ ገጽታ ላይ ከሆነ አንዳንድ ጊዜ ጨርሶ አይታይም። ብዙ ዓምድ ያለው ሰንጠረዥ ወይ ይኮማተራል፣ ወይ ወደ ጎን እየተጎተተ ይነበባል፤ ስለዚህ ሦስት ቀንና ሦስት ቦታ ብቻ ከሆነ በየመስመሩ ቢጻፍ ይሻላል። ደማቅ ፊደልም ቢሆን ለቀኑ ብቻ ቢውል ጥሩ ነው፤ እንደ «ጨ» እና «ጩ» ያሉ ፊደላት በትንሽ ስክሪን ሲደምቁ ይደፈናሉ። ከሁሉ የከፋው ግን ዩኒኮድ ባልሆኑ የቆዩ የግእዝ ፎንቶች የተጻፈ ነው፤ ፎንቱ የሌለው ስልክ ላይ ትርጉም የለሽ ምልክት ሆኖ ይወጣል። ያን ጊዜ ጽሑፉን በዩኒኮድ እንደገና መጻፍ ወይም መለወጥ ግድ ይላል።

በክሮም በኩል ጂሜይል የሚጠቀም ሰው ከዎርድ የገለበጠውን በ Ctrl+Shift+V ቢለጥፍ ጽሑፉ ያለ ቅርጹ ይገባል። ለብዙ ሰው ከመላኩ በፊት ደግሞ ለራሱ ልኮ በስልኩ ይክፈተው። ርዕሱ ሳይቆረጥ ዋናው ቃል ላይ ይደርሳል? ወደ ታች ሳይወርድ ምን እንዲደረግ እንደተፈለገ ይታያል? ካልታየ፣ ሁለተኛውን አንቀጽ አንሥቶ ከመጀመሪያው በፊት ማስቀመጥ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ባለ ማኅተሙ ሙሉ ደብዳቤ ካስፈለገ አባሪ ይሁን፤ ቀኑና ሰዓቱ ግን ኢሜይሉ ላይም ይጻፍ፣ ኔትወርክ ሲደክም አባሪ አይከፈትምና።