ስልኩ የሚያንሰው የት ላይ ነው?

ማታ በሠርግ አዳራሽ ውስጥ እስክስታ የሚመታ ሰው በስልክ አንሥተው የሚያውቁ ከሆነ ውጤቱ አይጠፋዎትም። ከኋላው ያለው መጋረጃና አበባ ጥርት ብሎ ወጥቷል፤ ትከሻው ግን ብዥ ብሎ ጠፍቷል። በማግስቱ ጠዋት በዚያው ስልክ ግቢ ውስጥ የተነሣው የቤተሰብ ፎቶ ደግሞ ተከፍሎት ከመጣው ባለሙያ ሥራ ላያንስ ይችላል። ስልኩ ያው ነው። ስለዚህ "ስልክ ይበቃል ወይስ ካሜራ ልግዛ?" ለሚል ሰው በደፈናው የሚሰጥ መልስ የለም። ፎቶ ማንሣት ወዶ ገንዘብ ለማውጣት የሚያስብ ሰው መጀመሪያ ስልኩ የት ላይ እንደሚያንሰው፣ ለምንስ እንደሚያንሰው ቢያውቅ ብዙ ብር ይተርፈዋል።

ሻጭ ስለ ሜጋፒክስል ቢነግርዎት ብዙም አይስሙት። ከዚያ ይልቅ የሚያስፈልግዎት ብርሃን የሚገባበትን የሌንስ ቀዳዳ ስፋት ማወቅ ነው፤ እሱን ደግሞ በአንድ ማካፈል ማግኘት ይቻላል። ማንኛውም ሌንስ ሁለት ቁጥሮች አሉት። አንዱ በሚሊ ሜትር የሚነገረው ፎካል ሌንግዝ ነው፤ ሌላው እንደ 1.8 ወይም 2.8 ያለው የአፐርቸር ቁጥር ነው። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው ሲያካፍሉት የቀዳዳው ስፋት ይወጣል።

በ2022 የወጣውን አይፎን 14 ፕሮ እንውሰድ። ሦስት እጥፍ የሚያቀርበው ሌንሱ 9 ሚሊ ሜትር ሲሆን አፐርቸሩ 2.8 ነው። ሲካፈል 3.2 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም ከምስር ፍሬ ያነሰ ቀዳዳ ይሆናል። አሁን ለጀማሪ ተብሎ በሚሸጥ ካሜራ ላይ 50 ሚሊ ሜትር 1.8 የሚባለውን ርካሽ ሌንስ እንግጠም። ሁለቱም ከአንድ ቦታ ሆነው ሲያነሡ የሚያሳዩት ተቀራራቢ ነው፤ ሰውየውን ከወገቡ በላይ ካሳየው ያኛውም እንዲሁ ያሳያል። የካሜራው ሌንስ ቀዳዳ ግን 28 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በቆዳ ስፋት ሲታሰብ የሚገባው ብርሃን ከሰባ እጥፍ በላይ ይበልጣል ማለት ነው። ይህን ያህል ልዩነት በሶፍትዌር አይካካስም።

የትከሻው ነገርም እዚህ ላይ ይፈታል። እስክስታ የሚመታን ትከሻ አስቁሞ ለማሳየት ሻተሩ ተከፍቶ የሚቆየው 1/250 ሰከንድ ወይም ከዚያ ለሚያንስ ጊዜ መሆን አለበት። በማታ አዳራሽ ውስጥ ስልኩ በዚህ ፍጥነት የሚያገኘው ብርሃን ስለማይበቃው ሻተሩን ወደ 1/30 ሰከንድ አካባቢ ያዘገየዋል፤ ብዙ ፎቶዎችን በተከታታይ አንሥቶም አንድ ላይ ይደርባቸዋል። ግድግዳ አይንቀሳቀስምና ሲደረብ ይጠራል፣ ትከሻ ግን በእያንዳንዱ ፎቶ ላይ ሌላ ቦታ ነው። ባለ 28 ሚሊ ሜትር ቀዳዳው ካሜራ አይኤስኦው ወደ 3200 ከፍ ሲደረግለት በቤት መብራት እንኳ 1/250 ይደርሳል። ትንሽ ሻካራነት ይታይበት ይሆናል፤ ትከሻው ግን ትከሻ ሆኖ ይወጣል።

የራስዎን ስልክ ለመፈተን አንድ ቀላል መንገድ አለ። ማታ ደብዛዛ ክፍል ውስጥ ካሜራውን ከፍተው ሦስት እጥፍ ያቅርቡ፤ ከዚያ ማቅረቢያውን ሌንስ በጣትዎ ይሸፍኑት። ስክሪኑ ላይ ያለው ምስል ካልጨለመ ስልኩ ያን ሌንስ እየተጠቀመ አይደለም። ብርሃኑ ስላነሰው ዋናውን ሌንስ ይዞ መሃሉን እየቆረጠ ያሳይዎታል። "ሦስት ሌንስ አለው" ተብሎ የተገዛ ስልክ ማታ ማታ ባለ አንድ ሌንስ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

ይህን ካነበቡ በኋላ ካሜራ ለመግዛት ከተነሡ ግን ትንሽ ይታገሡ፤ ያው ስሌት በተቃራኒውም ይሠራል። አብዛኛው ጀማሪ የሚገዛው ካሜራውን ከካርቶኑ ጋር ከሚመጣው 18-55 ሌንስ ጋር ነው። ይህ ሌንስ በሰፊው በኩል 18 ሚሊ ሜትር፣ አፐርቸሩ 3.5 ነው፤ ቀዳዳው 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። የስልኩ ዋና ሌንስ ቀዳዳ ደግሞ 3.8 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የብርሃኑ ልዩነት ሁለት እጥፍ እንኳ አይሞላም፤ ስልኩ ደግሞ ፎቶ በመደረብ ይህችን ልዩነት በቀላሉ ይሸፍናታል። መልክዓ ምድር፣ ሕንፃ፣ ሰብሰብ ብለው የቆሙ ዘመዶችና ቡና የተፈላበት ረከቦት ለማንሣት ይህን ካሜራ የገዛ ሰው "ስልኬ ይሻል ነበር" ቢል አይፈረድበትም።

እንዲያውም የባሰ ሊገጥመው ይችላል። እኩለ ቀን ላይ ነጠላ የለበሰች እናት ግቢ ውስጥ ቆመዋል እንበል። ስልኩ ጨለም ያለና ነጣ ያለ ፎቶ ደርቦ ፊታቸውንም ነጠላቸውንም ያወጣዋል። ካሜራው በአውቶ ሲሆን የነጩ ጨርቅ ብዛት ያታልለዋል፤ ብርሃኑ የበዛ መስሎት ፎቶውን ያጨልማል፣ ፊታቸውም አብሮ ይጠቁራል። መድኃኒቱ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ተጭኖ ብርሃኑን አንድ ደረጃ መጨመር ነው። ሆኖም ይህን ለመማርና ፎቶውን ኋላ ኮምፒውተር ላይ ለማስተካከል ፈቃደኛ ያልሆነ ሰው ከካሜራው የሚያገኘው ጥቅም ጥቂት ነው።

ስልኩ የሚያንስበት ሌላው ቦታ ርቀት ነው። ሰሜን ተራሮች ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ስልኩ የሚበቃበትም የማይበቃበትም እንስሳ አንድ መናፈሻ ውስጥ አለና። ጭላዳ ሣሩን እየነጨ ከጎብኚ ጥቂት ሜትሮች ርቆ ይቀመጣል፤ ደረቱ ላይ ያለውን ቀይ ምልክት ሳይቀር ደህና ስልክ አሳምሮ ያነሣዋል። ዋልያ ግን ገደል ላይ ነው። ቁመቱ እስከ ትከሻው አንድ ሜትር ገደማ የሆነ ዋልያ መቶ ሜትር ርቆ ቢቆም፣ በዚያው አይፎን ዋና ሌንስ ሲነሣ ፎቶው ውስጥ የሚኖረው ቁመት 28 ፒክስል ያህል ነው። የቀንዱን ቅርጽ ለማየት እንኳ ያስቸግራል። ሦስት እጥፍ በሚያቀርበው ሌንስ ወደ 90 ፒክስል ይደርሳል። 24 ሜጋፒክስል ባለው የጀማሪ ካሜራ ላይ እስከ 250 ሚሊ ሜትር የሚሄድ ሌንስ ሲገጠም ግን 670 ፒክስል ገደማ ይሆናል፤ ታትሞ ግድግዳ ላይ ቢሰቀል አያሳፍርም። አምስትና አሥር እጥፍ የሚያቀርቡ ውድ ስልኮች ይህን ልዩነት ያጠቡታል፤ አይዘጉትም። ጠንከር አድርገው ሲያቀርቡባቸውም ፀጉሩን ሶፍትዌሩ በግምት ይሥለዋል፤ አጉልተው ሲያዩት የእንስሳ ፀጉር ሳይሆን የቀለም ቅብ ይመስላል።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ባለፈው ዓመት አዲስ ካሜራ ከ18-55 ሌንሱ ጋር ሊገዛ ብር አዘጋጅቶ አማከረኝ። የመከርኩት ሱቅ ከመሄዱ በፊት ስልኩ ውስጥ ያሉትን ያልተሳኩ ፎቶዎች እንዲለይ ነበር። የተሳካ ፎቶ ስለ ካሜራ ፍላጎት ብዙም አይናገርም። ፎቶውን ከፍቶ በጣት ወደ ላይ ሲገፉት የሻተር ፍጥነቱና የሌንሱ ዓይነት ይወጣል፤ በአብዛኛው ስልክ እንዲህ ነው። ከዚያ የተበላሸበትን ምክንያት በሦስት መክፈል ይቻላል፦ የሚንቀሳቀስ ሰው በደብዛዛ ብርሃን ብዥ ያለበት፣ የተፈለገው ነገር ርቆ ያነሰበት፣ ሦስተኛው ደግሞ ካሜራ የማይፈታው ነው። ፀሐይ ፊት ላይ ጥላ የጣለበት፣ ከጭንቅላት ጀርባ የመብራት ምሰሶ የበቀለበት፣ ጊዜው ያለፈበት ፎቶ በማንኛውም ካሜራ ቢነሣ ያው ነው።

የእሱ ውድቀቶች በአብዛኛው የመጀመሪያው ዓይነት ነበሩ፤ ማታ ሳሎን ውስጥ የሚሯሯጡ ልጆቹና የቤተሰብ ሠርግ። የሻተር ፍጥነቱ ሲታይ 1/25፣ 1/30 ይላል። ሊገዛው ያሰበው 18-55 ሌንስ ወደ ፊት ሲቀርብ አፐርቸሩ 5.6 ስለሚሆን ለዚህ ችግር እምብዛም አይጠቅመውም ነበር። በዚያው ብር ያገለገለ ካሜራና 50 ሚሊ ሜትር 1.8 ሌንስ ገዛ፣ ገንዘብም ተረፈው። ሌንሱ ዙም የለውም፤ ለማቅረብም ለማራቅም በእግር መሄድ ነው፣ ጠባብ ሳሎን ውስጥ ደግሞ ጀርባ ከግድግዳ ጋር መጣበቅ አይቀርም። ባለቤቱ አብረው ሲሄዱ የምታነሣው ቦታና ሕንፃ ስለሆነ በስልኳ ቀጥላለች፤ ለእኔ ትክክል ናት።

ያገለገለ ዕቃ መግዛት በእኛ አገር ከአዲሱ የተሻለ ምርጫ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ትልልቆቹ ካሜራ ሠሪዎች ወደ ሚረርለስ ስለዞሩ መስታወት ያላቸው የቀድሞዎቹ ካሜራዎች፣ እነ ካኖን 200ዲ እና ኒኮን ዲ3500፣ ዋጋቸው ወርዷል፤ ከውጭ የሚመጣ ዘመድም በሻንጣው ይዞት ሊመጣ ይችላል። ለዘመድ ዝርዝር ሲልኩ ግን አንድ ነገር ይጠንቀቁ። ዲ3500ን የመሰሉ የኒኮን ጀማሪ ካሜራዎች በውስጣቸው የፎከስ ሞተር ስለሌላቸው አሮጌዎቹ 50 ሚሊ ሜትር ሌንሶች ሲገጠሙባቸው ፎከሱን በእጅ ማዞር ግድ ይሆናል፤ ሞተሩ ሌንሱ ውስጥ ያለውን፣ ኤኤፍ-ኤስ የሚባለውን ነው መጠየቅ ያለብዎት።

ካሜራው እጅዎ ሲገባ አፐርቸሩን 16 ላይ አድርገው ጥርት ያለ ሰማይ ያንሡ። ፎቶው ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ከታየ ሴንሰሩ ላይ አቧራ አለ፤ አቧራ ይጸዳል፣ ጭረት ግን አይጸዳም። ኒኮን ከሆነ ሻተሩ ስንት ጊዜ እንደተመታ ፎቶው ፋይል ውስጥ ተጽፎ ይገኛል፤ የዲ3500 ሻተር የተፈተነው ለ100,000 ጊዜ ያህል ነውና ወደዚያ ከተጠጋ ዋጋው መውረድ አለበት። ሌንሱን ደግሞ በአንድ በኩል የስልክ መብራት አብርተውበት በሌላው በኩል ይመልከቱ። ቀጫጭን ክር የመሰለ ነገር መስታወቱ ላይ ከተዘረጋ ሻጋታ ነው፤ እያደር ይስፋፋል፣ የማጽጃው ዋጋም ብዙ ጊዜ ከሌንሱ ዋጋ ጋር ይፎካከራል። እንዲህ ያለውን ቢያስረክሱልዎትም አይግዙት።