ውሃ አጠጡኝ፦ የንጹህ ውሃ ትምህርት አዘገጃጀትና መዘኛው

ስለ ንጹህ የመጠጥ ውሃና ስለ ተቅማጥ መከላከል በየቀበሌው የሚሰጠው ትምህርት ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከትርጉም ነው። ተቅማጥ ምን እንደሆነ፣ በምን እንደሚመጣ፣ መከላከያው ስንት እንደሆነ ይነገራል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሽንት ቤቱም፣ እጅ መታጠቡም፣ ውሃ ማከሙም፣ ክትባቱም፣ ጡት ማጥባቱም ይነሳል። መጨረሻ ላይ "ገባችሁ?" ሲባል ሁሉም "አዎ፣ ገብቶናል" ይላል። እናቶቹ ቤት ሲገቡ ግን ጋኑም ጣሳውም እንደነበሩ ናቸው። የተሻለው አካሄድ ከመጨረሻው መነሳት ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ በአንድ ቤት ውስጥ ምን ተለውጦ መታየት እንዳለበት መጀመሪያ ይወሰናል፤ ትምህርቱም መመዘኛውም የሚቀረጹት ከዚያ ተነስቶ ነው።

ለማሳያ ያህል ውሃዋን ከጎለበተ ምንጭ የምትቀዳ አንዲት የደጋ ቀበሌ እንዳለች ይታሰብ። የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ከአምስት ዓመት በታች ልጆች ያሏቸውን 15 እናቶች ልታስተምር ነው። ቦታውም ሆነ ቁጥሮቹ ለምሳሌነት የተወሰዱ ናቸው፤ የሥራው ቅደም ተከተል ግን በየትኛውም ቀበሌ ያው ነው።

የመጀመሪያው ሥራ ከትምህርቱ ሳምንት ቀደም ብሎ አምስት ስድስት ቤት ገብቶ ማየት ነው። ውሃው ከየት ይቀዳል? በምን ይመጣል? በምን ይቀመጣል? በምንስ ይጨለፋል? በብዙ ቦታ እንደሚታየው ከምንጩ ንጹህ ሆኖ የተቀዳ ውሃ ቤት ገብቶ ይበከላል። ጀሪካኑ በውስጡ አረንጓዴ ነገር ይዟል፤ ውሃው አፉ ሰፊ ወደሆነ ጋን ይገለበጣል፤ ልጁ በጣሳ ሲጨልፍ ጣቱ አብሮ ይነከራል። ይህን ያላየች አስተማሪ ስለ ምንጩ ስታስተምር ትውላለች፤ ችግሩ ግን ያለው ጓዳ ውስጥ ነው። በዚሁ ጉብኝት እናቶቹ ስለ ተቅማጥ የሚሉትም ይሰማል። "ጥርስ ሲያወጣ ነው የሚያስቀምጠው" የሚለው አባባል ከተሰማ በትምህርቱ ቦታ ሊሰጠው ይገባል። ተቅማጥን የጥርስ ጣጣ አድርጋ የምታይ እናት ውሃዋን የምታክምበት ምክንያት አይታያትም።

ቀጥሎ ዓላማው ይጻፋል። "እናቶች ስለ ንጹህ ውሃ ይገነዘባሉ" የሚል ዓላማ ሊመዘን አይችልም፤ መገንዘብ በዓይን አይታይምና። "እያንዳንዷ እናት በ20 ሊትር ጀሪካን ያለን ውሃ በኪኒን አክማ፣ እጅ ሳይነካው ወደ ኩባያ ትቀዳለች" የሚለው ግን አራት የሚታዩ ድርጊቶች አሉት። አንደኛ፣ የደፈረሰ ውሃ በአራት እጥፍ በታጠፈ ንጹህ ጨርቅ ይጣራል። ሁለተኛ፣ ለ20 ሊትር የተዘጋጀ አንድ የክሎሪን ኪኒን ይጨመራል። ሦስተኛ፣ ጀሪካኑ ተከድኖ ይናጥና 30 ደቂቃ ይቆያል። አራተኛ፣ ውሃው ሳይጨለፍ ከጀሪካኑ በማንቆርቆር ይቀዳል። አንድ ትምህርት ከዚህ በላይ መሸከም የለበትም። ሽንት ቤትና የምግብ ንጽሕና የየራሳቸው ቀን ይኑራቸው።

ቀኑም ይመረጣል። የገበያ ቀን አይሆንም። እርሻ የማይወጣበት በዓል፣ ለምሳሌ በወር 12 ሚካኤል ወይም 21 ማርያም፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቡና በሚፈላበት ግቢ ቢሆን ይመረጣል። አምስት ጀሪካን፣ ኪኒኖች፣ ንጹህ ጨርቅ፣ አንድ ብርጭቆና ጥቂት ባቄላና በቆሎ ከተገኘ ዝግጅቱ ይበቃል።

ከትምህርቱ በፊት የነበረውን ዕውቀት ለመለካት የጽሑፍ ፈተና ማንበብ ለማይችሉ ሰዎች አይሆንም፤ እጅ ማስወጣትም ጎረቤት አይቶ መከተልን ያመጣል። ስለዚህ ከመጋረጃ ጀርባ አንድ ማሰሮ ይቀመጣል። "ኩልል ያለ የምንጭ ውሃ ሳይታከም ቢጠጣ ጉዳት የለውም" የሚለውን የምታምን ባቄላ፣ የማታምን በቆሎ ትጨምራለች። 11 ባቄላና 4 በቆሎ ወጣ እንበል። አስተማሪዋ አሁን ሰዓቷን የት ላይ ማጥፋት እንዳለባት ታውቃለች፤ እናቶቹ የሚፈሩት የደፈረሰውን ውሃ እንጂ ኩልል ያለውን አይደለም።

ትምህርቱ ሲጀመር የመጀመሪያው ሥራ ንግግር ሳይሆን ኪኒኑን አንዱ ጀሪካን ውስጥ መጨመር ነው። 30 ደቂቃው ከዚያች ቅጽበት ይቆጠራል፤ ሲሞላ ሁሉም ይቀምሱታል። ይህ ትንሽ የሚመስል ቅደም ተከተል ትምህርቱን ያድነዋል። "ግማሽ ሰዓት ጠብቁ" ብሎ መናገርና ግማሽ ሰዓት አብሮ ጠብቆ መጠጣት አይገናኙም።

መጠበቂያው ሰዓት ባዶ አይሆንም። አስተማሪዋ አንድ ብርጭቆ ንጹህ ውሃ ታዞርና "ማን ይጠጣል?" ትላለች። ብዙዎች ይስማማሉ። ከዚያ አንድ ፀጉር ከመንገድ ዳር ሰገራ ላይ ነክታ ብርጭቆው ውስጥ ትነክረዋለች። ውሃው እንደ ቅድሙ ኩልል ያለ ነው፤ አሁን ግን የሚጠጣው የለም። የዝንብ እግር ከፀጉሩ የበለጠ ሊሸከም እንደሚችል የምትናገረው ያኔ ነው። ይህ ዘዴ በህብረተሰብ መር የሳኒቴሽን ንቅናቄ በኢትዮጵያ ገጠር በስፋት ይታወቃል። ኃይሉ መጸየፍን ማምጣቱ ሲሆን ጉድለቱም እዚያው ላይ ነው። የተጸየፈ ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት ካልተነገረው ተጸይፎ ይቀራል። የአንዲትን እናት ቤት ወይም ጓሮ ለምሳሌ መጥራት ደግሞ ማሳፈር ነው፤ ያፈረች እናት ለሚቀጥለው አትመጣም።

ከዚያ አጭር ክፍል ለታመመ ልጅ ይሰጣል። በ24 ሰዓት ውስጥ ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ ቀጭን ሰገራ ከወጣው ተቅማጥ ነው። አንድ ፓኬት ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በ1 ሊትር ንጹህ ውሃ ይበጠበጣል፤ የ1 ሊትር የሃይላንድ ፕላስቲክ ለመለኪያ ይሆናል፤ 24 ሰዓት ያለፈው ይደፋል። ከጤና ኬላ የሚሰጠው ዚንክ ተቅማጡ ቢቆምም ለ10 ቀን መዋጥ አለበት። ዓይኑ የጎደጎደ፣ መጠጣት ያቃተው ወይም ሰገራው ደም የቀላቀለ ልጅ ጊዜ ሳይሰጠው ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰዳል።

ከዚህ በኋላ እናቶቹ ሦስት ሦስት ሆነው አራቱን ድርጊቶች ራሳቸው ይሠራሉ። አንዷ ስትሠራ ሁለቱ ያዩና ያርማሉ። ኪኒን እንዳይባክን በቦታው ሽምብራ ይጠቀማሉ። አስተማሪዋ በእያንዳንዷ ስም ፊት አራት ነጥብ ይዛ ምልክት ታደርጋለች። ስህተቱ የሚገኘው እዚህ ነው። አንዷ በ10 ሊትር ጀሪካን ሙሉ ኪኒን ትጨምራለች፤ ሌላዋ አክማ ስታበቃ ውሃውን መልሳ ጋን ውስጥ ትገለብጣለች። ከ15ቱ 12ቱ አራቱንም በትክክል ከሠሩ ክህሎቱ ተይዟል ማለት ይቻላል፤ የቀሩት ሦስቱ በዚያው ደግመው ይሠራሉ።

በመጨረሻ የታከመው ውሃ ይቀመሳል። "በረኪና በረኪና ይላል" የሚል ቅሬታ መምጣቱ አይቀርም፤ በጓዳ ተደብቆ ከሚቀር እዚህ ቢወጣ ይሻላል። ውሃው ትንሽ ቆየት ሲል ሽታው እንደሚቀንስ ይነገራል። ኪኒኑ የሚዋጥ እንዳልሆነና ልጆች የማይደርሱበት ቦታ እንደሚቀመጥም ይነገራል። ክሎሪን ሁሉን እንደማይፈታም መደበቅ የለበትም። ብዙዎቹን ባክቴሪያዎች ይገድላል፤ ክሪፕቶስፖሪዲየም የተባለውን ጥገኛ ተሕዋስ ግን በዚህ መጠን አይጎዳውም። በስምጥ ሸለቆ ውሃ ውስጥ ያለውንም ፍሎራይድ አያወጣም። ማገዶ ያላት ውሃውን ብታፈላው ተሕዋሱንም ይገድልላታል፤ ከ2000 ሜትር በላይ ባለ ደጋ ከተንፈቀፈቀ በኋላ ሦስት ደቂቃ መቆየት አለበት።

ምዘናው ሦስት እርከን አለው። የመጀመሪያው በዚያው ቀን የሚደገመው የባቄላና የበቆሎ ድምፅ ነው። ጥያቄው ግን ቃል በቃል መደገም የለበትም፤ "ከጓሮ ጉድጓድ የተቀዳ፣ ጥርት ያለ ውሃ ለሕፃን ሳይታከም ይሰጣል?" ተብሎ ቢቀየር የሚለካው ማስታወስ ሳይሆን መረዳት ይሆናል። የተሳሳተው መልስ ከ11 ወደ 3 ቢወርድ ሐሳቡ ገብቷል። ሁለተኛው ከላይ የታየው የእጅ ሥራ ነው።

ሦስተኛው ከሁለት ሳምንት በኋላ ሳይነገር የሚደረግ የቤት ጉብኝት ሲሆን እውነቱ የሚወጣው በዚህ ነው። "ውሃ ታክማላችሁ?" ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም፤ እንግዳን ላለማስከፋት "እንዴታ!" ይባላል። ጠያቂዋ "ውሃ አጠጡኝ" ትላለች፤ ከዚያ ዝም ብላ ታያለች። ከጀሪካን ተንቆረቆረ ወይስ ከጋን ተጨለፈ? ኩባያው ከየት ተነሣ? ከዚያ ልጆቹ ከሚጠጡት ውሃ ጥቂት ወስዳ በዲፒዲ ኪኒን ትመረምረዋለች። ክሎሪን ካለ ውሃው ሮዝ ይሆናል፤ ከቀለም ሰሌዳው ጋር ሲተያይ በሊትር ቢያንስ 0.2 ሚሊግራም ማሳየት አለበት።

14 ቤት ተገኝቶ በ6ቱ ብቻ ሮዝ ታየ እንበል። ትምህርቱ አልሠራም ብሎ መደምደም ስህተት ነው፤ የቀሩት 8 ቤቶች አንድ በአንድ ይታያሉ። በ4ቱ ኪኒኑ አልቋል። ለየቤቱ የተሰጠው 10 ፍሬ ሲሆን በቀን አንድ ጀሪካን የሚጠጣ ቤተሰብ በ10 ቀን ይጨርሰዋል፤ ጉብኝቱ ደግሞ በ14ኛው ቀን ነው። እነዚህ እናቶች ሌላ ትምህርት አያስፈልጋቸውም፤ የሚያስፈልጋቸው ኪኒን የሚገኝበት ቦታ ነው። በ2ቱ ኪኒኑ ሳይከፈት ተቀምጧል፤ በአንዱ ቤት አባወራው በሽታው ምክንያት አልጠጣም ብሏል። እዚህ ትምህርቱ ያልደረሰው ለባልየው ነው። በቀሩት 2 ቤቶች ውሃው ታክሟል፤ ሮዝ ግን አልሆነም። አንዱ ከዝናብ በኋላ የደፈረሰ ውሃ ሳይጣራ የታከመበት ሲሆን ጭቃው ክሎሪኑን በልቶታል። ሌላው ከታከመ ሦስት ቀን የሞላው ውሃ ነው፤ የታከመ ውሃ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢጠጣ ይመረጣል።

በነዚሁ 15 ቤቶች ተቅማጥ ቀነሰ ወይ ብሎ መቁጠር ግን አያዋጣም። ቤቶቹ ጥቂት ናቸው፤ በሽታውም ከክረምት ወደ በጋ በራሱ ከፍ ዝቅ ይላል። ማወዳደር ካስፈለገ ትምህርቱን ያልሰሙ የዚያው ጎጥ እናቶች ቤት ተገብቶ ያው "ውሃ አጠጡኝ" ይባላል፤ ውሃቸውም በዚያው ኪኒን ይመረመራል።

የሚቀጥለው ትምህርት ዕቅድ በዚህ መሠረት ይሻሻላል። ለየቤቱ 30 ኪኒን ይሰጣል፤ ለቅምሻው ባሎች አብረው ይጠራሉ፤ የማጣሪያው ጨርቅም ከቡናው ረከቦት አጠገብ፣ ሁሉም በሚያየው ቦታ፣ ከደፈረሰ ውሃ ጋር ይቀመጣል።