«አለ» እና «በቦታው አለ»፦ የመጻሕፍት መደርደሪያ ቆጠራ ምን ይመረምራል?



አንድ ተመራማሪ የሚፈልገውን መጽሐፍ በካታሎጉ ላይ አገኘ እንበል። ካታሎጉ መጽሐፉ በውሰት እንዳልወጣ ይነግረዋል፤ ወደ መደርደሪያው ሲሄድ ግን የለም። የቤተ መጻሕፍቱ ባልደረባም አብሮት ፈልጎ ሲያጣው «ጠፍቷል» ብሎ ይመዘግባል፤ ምናልባትም ሌላ ቅጂ እንዲገዛ ይጠየቃል። መጽሐፉ ግን በዚያው መደርደሪያ ላይ፣ ከተመራማሪው የክንድ ርቀት ሳይወጣ ቆሞ ሊሆን ይችላል። የዛሬው ንግግሬ የመደርደሪያ ቆጠራ ይህን «የለም» እንዴት መርምሮ እንደሚለይ ያሳያል።

ቆጠራ ሁለት ጥያቄዎች አሉት። አንደኛው፣ የተመዘገበው መጽሐፍ በእርግጥ አለ ወይ? ሁለተኛው፣ ካለስ በቦታው ነው ወይ? ሠራተኛው የመጻሕፍቱን ባርኮድ አንድ በአንድ አንብቦ ውጤቱን ከካታሎጉ ዝርዝር ጋር ብቻ ቢያስተያይ የሚመለሰው የመጀመሪያው ጥያቄ ነው። ያለቦታው የተቀመጠው መጽሐፍም ባርኮዱ እስከተነበበ ድረስ «ተገኝቷል» ይባላል፤ ለፈላጊው ግን እንደጠፋ ይቀራል። ስለዚህ ንባቡ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይኛው ረድፍ ወደ ታችኛው መሄድ አለበት፤ የንባቡም ቅደም ተከተል በፋይሉ ውስጥ ሳይለወጥ መቆየት ይኖርበታል።

ይህን በምሳሌ እንመልከተው። በዲዊ አሥርዮሽ አመዳደብ 963 የኢትዮጵያ ታሪክ መደብ ሲሆን 963.5 በውስጡ የኤርትራን ይይዛል። ስድስት መጻሕፍት በካታሎጉ በዚህ ተራ ሰፍረዋል እንበል፦

963.04፣ 963.05፣ 963.055፣ 963.06፣ 963.07፣ 963.5

በመደርደሪያው ላይ ግን እንዲህ ቆመዋል፦

963.04፣ 963.05፣ 963.5፣ 963.055፣ 963.06፣ 963.07

ስህተቱ ከየት መጣ? ከነጥቡ በኋላ ያለው ቁጥር ክፍልፋይ ነው፤ 05 አምስት መቶኛ፣ 5 ደግሞ አምስት አሥረኛ ነው። ደርዳሪው ግን ሁለቱንም እንደ ሙሉ ቁጥር «አምስት» ብሎ አነበበና ጎን ለጎን አቆማቸው።

አሁን ስህተቱን የምንፈልግበት መንገድ ወሳኝ ይሆናል። እያንዳንዱን መጽሐፍ በዝርዝሩ ላይ ካለው የተራ ቁጥር ጋር ብናስተያይ ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ያሉት አራቱም «ያለቦታቸው» ይባላሉ። እያንዳንዱን ከግራ ጎረቤቱ ጋር ብቻ ብናስተያይ ደግሞ የሚጠቆመው 963.055 ነው፤ ከፊቱ ካለው 963.5 ያንሳልና። ተከሳሹ ንጹሕ ነው፤ ጥፋተኛው 963.5 ግን ሳይነካ ያልፋል። ትክክለኛው መንገድ ተራቸውን ጠብቀው የቆሙትን ረጅሙን ሰንሰለት መፈለግ ነው። በምሳሌያችን 963.04፣ 963.05፣ 963.055፣ 963.06 እና 963.07 አምስት ሆነው ሰንሰለቱን ይሠራሉ። ከሰንሰለቱ ውጭ የቀረው 963.5 ብቻ ነው፤ እርሱን አንሥቶ በመጨረሻ ማቆም ይበቃል።

አንድ ሌላ ወጥመድ አለ። የባርኮድ ማንበቢያው የሚያመጣልን በካታሎጉ የተመዘገበውን ቁጥር እንጂ በመጽሐፉ ጀርባ የተለጠፈውን አይደለም። ሁለቱ ካልተስማሙ ደርዳሪው ወረቀቱን ተከትሎ በትክክል ቢያስቀምጥም ቆጠራው «ያለቦታው» ይለዋል። አንሥተን ብናዛውረውም ከቀጣዩ ውሰት ሲመለስ ወደ ቀድሞው ስፍራ ይሄዳል። አንድ መጽሐፍ በተከታታይ ቆጠራዎች በዚያው የተሳሳተ ቦታ ከተገኘ መመርመር ያለበት የደርዳሪው ጥንቃቄ ሳይሆን የጀርባው ወረቀት ነው። ታዲያ ሁለቱ ቁጥሮች ሲለያዩ መጽሐፉን ገልጦ የትኛው ከይዘቱ ጋር እንደሚስማማ ማየት ይገባል፤ የተሳሳተው ካታሎጉ ሊሆንም ይችላልና።

ይህ ሁሉ ተጣርቶም ባርኮዳቸው ያልተነበበ መጻሕፍት ይቀራሉ። እነዚህ «ያልተገኙ» እንጂ ገና «የጠፉ» አይደሉም። መጀመሪያ ቆጠራው በተካሄደባቸው ቀናት በውሰት ወጥተው እንደሆነ ይታያል። ቀጥሎ የተመለሱ መጻሕፍት የሚጠራቀሙበት ጋሪ፣ የጥገናና የጥረዛ ክፍሉ፣ እንዲሁም በንባብ ጠረጴዛዎች ላይ የተተዉት ይፈተሻሉ። ከዚያም ከቦታው በላይና በታች ያሉት ረድፎች፣ በመጨረሻም አኃዞቹ ቢገለባበጡ መጽሐፉ ሊሄድባቸው የሚችሉ መደቦች ይታያሉ፤ ለምሳሌ 963 ተገልብጦ 936 ሆኖ ተነብቦ ይሆናል። አሁንም ካልተገኘ በካታሎጉ ላይ «በፍለጋ ላይ» የሚል ምልክትና ቀን ይደረግለታል፤ ከተወሰነ ጊዜ በኋላም ፍለጋው ይደገማል። «ጠፍቷል» የሚለው ቃል ከዚህ በኋላ የሚመጣ ውሳኔ ነው። ያን ጊዜም ቢሆን ምዝገባው አይሰረዝም፤ መጽሐፉ አንድ ቀን ቢገኝ ማንነቱን የሚነግረን እርሱ ነውና።