ቅቤው ከታች፣ ፓወር ባንኩ ከላይ

ልጃቸውን ሊያርሱ ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የሚሄዱ እናት ምን ምን እንደሚይዙ የማያውቅ የለም። የተነጠረ ቅቤ፣ ማር፣ የገንፎና የአጥሚት ዱቄት፣ በርበሬ፣ ሽሮ። በዚያ ላይ የራሳቸው ኢንሱሊን፣ ለሳል የተገዛ ሽሮፕ፣ ልጃቸው የላከችላቸው ስልክና ፓወር ባንኩ አለ። ለጉዞው የተዘጋጁት ትላልቅ ሻንጣዎች ሚዛን ላይ ሲወጡ ከተፈቀደው ኪሎ ያልፋሉ። ያኔ ቤተሰቡ ይጣደፍና ከባድ ከባዱን እያወጣ ወደ እጅ ሻንጣ ያዛውራል፤ ቅቤና ማሩ ወደ ላይ ይወጣል፣ በተለቀቀው ቦታ ደግሞ ፓወር ባንኩና መድኃኒቱ ይወሸቃል። የፍተሻው ደንብ የሚጠይቀው የዚህን ግልባጭ ነው።

ከፈሳሹ እንጀምር። ነሐሴ 2006 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ በመጠጥ ጠርሙስ ውስጥ በተደበቀ ፈሳሽ ፈንጂ አውሮፕላኖችን ለማጋየት የታቀደ ሴራ ከከሸፈ ወዲህ፣ በአብዛኛው የዓለም ኤርፖርት በእጅ ሻንጣ የሚያዝ ፈሳሽ ከ100 ሚሊ ሊትር በማይበልጥ ዕቃ መሆን አለበት። ትንንሾቹ ዕቃዎች ሁሉ ተሰብስበው አንድ ሊትር በሚይዝ፣ ተከፍቶ በሚዘጋ ብርሃን አስተላላፊ ላስቲክ ውስጥ ይገባሉ። የሚታየው የዕቃው መጠን እንጂ በውስጡ የቀረው አይደለም። በ200 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ውስጥ ሩቡ ብቻ የቀረ ቅባት ይዞ «ይኸው ትንሽ ናት» ማለት አያዋጣም፤ ጠርሙሱ ራሱ ከልኩ አልፏልና ይቀራል።

ብዙ ሰው የሚሸወደው ግን «ፈሳሽ» ሲባል ውሃና ሽቶ ብቻ እየመሰለው ነው። በፍተሻ ዓይን የሚፈስ፣ የሚቀባና ዕቃ ሲገለበጥ የሚንሸራተት ሁሉ ፈሳሽ ነው። ማር ፈሳሽ ነው፤ ቅቤም ከፈሳሽ ወገን ሊቆጠር ይችላል፤ አዋዜና የለውዝ ቅቤም እንዲሁ። ይህ የፈታሹ ክፋት አይደለም። የኤክስሬይ ማሽኑ ከእንስሳና ከዕፅዋት የተገኙ ነገሮችን በብርቱካናማ፣ ብረትን በሰማያዊ ቀለም ያሳያል። ብዙዎቹ ፈንጂዎችም በዚያው ብርቱካናማ ቀለም ይታያሉ፣ እፍግታቸውም ከምግብ ብዙ አይርቅም። ስክሪኑ ፊት የተቀመጠው ሰው ሁለት ኪሎ ቅቤ ሲያይ የሚያየው አንድ ወፍራም ብርቱካናማ ጓል ነው፤ ሻንጣውን አስከፍቶ ከማየት ሌላ ምርጫ የለውም።

ዱቄቱስ? ወደ አሜሪካ ለሚጓዝ ሰው እዚህ ላይ አንድ ያልተለመደ ደንብ አለ። ከሰኔ 2018 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ጀምሮ ከውጭ በቀጥታ ወደ አሜሪካ በሚገባ በረራ ላይ፣ ከ350 ሚሊ ሊትር ማለትም ከአንድ የቆርቆሮ ለስላሳ መጠጥ መጠን የሚበልጥ ዱቄት በእጅ ሻንጣ ከተያዘ ለተጨማሪ ምርመራ ይለያል፤ ምንነቱን ማረጋገጥ ካልተቻለ ወደ አውሮፕላኑ አይገባም። አንድ ኪሎ በርበሬ ከዚህ ልክ እጅግ ያልፋል። ስለዚህ በርበሬው፣ ሽሮውና የገንፎ ዱቄቱ ከቅቤውና ከማሩ ጋር በትልቁ ሻንጣ ይሂዱ። ኪሎ ከበዛ ከእዚያ ወጥቶ ወደ እጅ ሻንጣ የሚዛወረው ነጠላው፣ ቀሚሱና የሕፃኑ ልብስ ነው። ልብስ ማንንም አያስቆምም። (የምግቡ ነገር ሲደረስ ለጉምሩክ መነገር እንዳለበት አይዘንጋ፤ እሱ ሌላ ወንበር ላይ ያለ ሌላ ሰው ሥራ ነው።)

ፓወር ባንኩ ተቃራኒውን ይፈልጋል፤ ትልቁ ሻንጣ ውስጥ ፈጽሞ አይገባም። በውስጡ ያለው የሊቲየም ባትሪ ከተጎዳ ወይም አሠራሩ ጉድለት ካለው ራሱን በራሱ እያጋለ ይነዳል፤ የአንዱ ሴል ሙቀትም ቀጣዩን ያቀጣጥላል። ጭነት ክፍል ውስጥ ይህ ቢሆን የሚያይ የለም፣ እዚያ ያለው የእሳት ማጥፊያ ጋዝም ነበልባሉን ቢያፍነው እንኳ የባትሪውን ግለት አያቆመውም። ተሳፋሪው ክፍል ውስጥ ከሆነ ግን ጭሱ ይታያል፤ የበረራ አስተናጋጆችም ውሃ እያፈሰሱ ያቀዘቅዙታል።

የኃይሉም መጠን ልክ አለው። እስከ 100 ዋት-ሰዓት ያለው ያለ ልዩ ፈቃድ ያልፋል፤ ከ100 እስከ 160 ያለው የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ከዚያ በላይ የተከለከለ ነው። ፓወር ባንኩ ጀርባ ላይ Wh የሚል ጽሑፍ ካለ ቁጥሩን ማየት ይበቃል። ያለው mAh ብቻ ከሆነ በ3.7 ቮልት ያባዙና ለ1000 ያካፍሉ።

```
20000 × 3.7 ÷ 1000 = 74 Wh
30000 × 3.7 ÷ 1000 = 111 Wh
```

የእኒያ እናት ፓወር ባንክ ባለ 20,000 ከሆነ ያልፋል፤ ባለ 30,000 ከሆነ አስቀድሞ ፈቃድ ያሻዋል። በ5 ቮልት እንዳያባዙ፤ እሱ ወደ ስልኩ የሚወጣው እንጂ የባትሪው የራሱ አይደለም። ጽሑፉ ተፍቆ የጠፋ ፓወር ባንክ ፈታሹ መጠኑን የሚያውቅበት መንገድ ስለሌለው ሊወሰድ ይችላል። ያበጠውን ደግሞ ቤት መተው ነው። አየር መንገዶች የየራሳቸውን ገደብ ይጨምራሉ፤ ለምሳሌ ኤምሬትስ ከጥቅምት 1 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአንድ ሰው አንድ ብቻ ይፈቅዳል፣ በበረራ ላይ መጠቀምንም ከልክሏል። ወደ ዱባይ የምትመላለሱ ይህን ያዙ።

መድኃኒት ከ100 ሚሊ ሊትር ደንብ ነፃ ነው። ለጉዞው የሚያስፈልግ ሽሮፕ ጠርሙሱ ቢተልቅም ያልፋል፤ ዋናው ነገር ከሌላው ተለይቶ መያዙና ማሽኑ ጋ ሲደርሱ «መድኃኒት ነው» ብሎ መናገሩ ነው። ኢንሱሊን ከነመርፌው ከባለቤቱ ጋር መሄድ አለበት፤ ጭነት ክፍል ውስጥ ከቀዘቀዘ ሊበላሽ ይችላል፣ ሻንጣው ከጠፋ ደግሞ መድኃኒቱም አብሮ ጠፋ ማለት ነው። ክኒኖችን ከፋብሪካ ማሸጊያቸው አውጥቶ በላስቲክ መቋጠር የቆየ ልማዳችን ነው፤ ለመንገድ ግን አይሆንም። ማሸጊያው ላይ የመድኃኒቱ ስም፣ ከጎኑ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የሐኪም ማዘዣ ሲኖር ጥያቄው አጭር ይሆናል። ወደ ዓረብ አገር ለሚሄድ ጉዳዩ ይጠብቃል፦ ትራማዶልና ኮዴይን የመሳሰሉ የሕመም ማስታገሻዎች በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ቁጥጥር የሚደረግባቸው ስለሆኑ ከጉዞ በፊት ከአገሪቱ መንግሥት ፈቃድ መያዝ ያስፈልጋል። እዚያ የሚጠየቁት በፈታሽ ሳይሆን በሕግ ነው።

እንግዲህ የእጅ ሻንጣው ሲዘጋ የፈሳሹ ላስቲክ፣ የመድኃኒቱ ቦርሳና ፓወር ባንኩ ከሁሉም በላይ ይሁኑ፤ ፈታሹ አውጡ ሲል ነጠላና ቀሚስ መበተን አይኖርም። መሃል ላይ አውሮፕላን የሚቀየር ከሆነ ፍተሻው እንደገና ሊኖር ይችላል፤ ከቀረጥ ነፃ ሱቅ የተገዛ ሽቶም ካለ የታሸገበትን ከረጢት መጨረሻው ኤርፖርት ሳይደርሱ አይክፈቱት፣ ደረሰኙንም አይጣሉት።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ። አውሮፕላኑ ሲሞላ በር ላይ ያሉት ሠራተኞች የእጅ ሻንጣውን ተቀብለው ወደ ጭነት ክፍል ሊያወርዱት ይችላሉ። ሻንጣውን ከማስረከብዎ በፊት ፓወር ባንኩንና መድኃኒቱን አውጥተው በእጅዎ ይያዙ።