በግራም የሚቆጠረው የትኛው ነው? ሩዝ፣ ድንችና ዳቦ በስኳር ሕመምተኛ ገበታ

በፈረስ ቤትና በዙሪያዋ ባለው ደጋ ድንች የጓሮ ምግብ ነው፤ ዳቦ በየቤቱ ይጋገራል፤ በፎገራ ሜዳ የሚመረተው ሩዝም በክልሉ ገበያ የተለመደ ሆኗል። በሦስቱም ያለው ካርቦሃይድሬት በሆድ ውስጥ ወደ ስኳር ስለሚለወጥ የስኳር ሕመምተኛው መጠኑን ማወቅ አለበት። ቆጠራው የሚበላሸው ግን ብዙ ጊዜ በአንድ ቦታ ነው፤ የምግቡ ክብደት እንደ ካርቦሃይድሬቱ ክብደት ሲወሰድ። በምግቡ ውስጥ ውሃም ሌላም ነገር አለ። መቶ ግራም የተቀቀለ ነጭ ሩዝ 28 ግራም ያህል፣ መቶ ግራም ቅቅል ድንች 20 ግራም ያህል፣ መቶ ግራም ነጭ ዳቦ ደግሞ ወደ 50 ግራም ካርቦሃይድሬት ይይዛል። ስለዚህ አንድ ዓይነት 15 ግራም ካርቦሃይድሬት የሚገኘው ከ30 ግራም ዳቦ፣ ከ55 ግራም ሩዝ ወይም ከ75 ግራም ድንች ነው። ጥሬ ሩዝ ሲመዘን ደግሞ ሒሳቡ ይለወጣል፤ መቶ ግራሙ 80 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት አለው፤ ሲበስል ውሃ ጠጥቶ ክብደቱ ሦስት እጥፍ ገደማ ይሆናል። ጥሬውን መዝኖ በበሰለው ቁጥር ማስላት መጠኑን አሳንሶ ያሳያል።

ለምሳሌ ሐኪሙ ለአሥር ግራም ካርቦሃይድሬት አንድ ዩኒት ፈጣን ኢንሱሊን የወሰነለት ሰው 60 ግራም ዳቦና 150 ግራም ቅቅል ድንች ቢበላ፣ ከዳቦው 30፣ ከድንቹ 30፣ በድምሩ 60 ግራም ይሆናል፤ ስድስት ዩኒት ማለት ነው። የምግቡን 210 ግራም እንዳለ ቢያሰላ ግን 21 ዩኒት ይወጋና ስኳሩ እስከ አደገኛ ደረጃ ድረስ ይወርዳል። ማላብ፣ መንቀጥቀጥና ብርቱ ረሃብ ምልክቶቹ ናቸው፤ የደም ስኳር ከ70 በታች ሲሆን 15 ግራም ስኳር በውሃ በጥብጦ መጠጣትና ከ15 ደቂቃ በኋላ መልሶ መለካት ያስፈልጋል።

«እኔ ጠዋትና ማታ በተወሰነ መጠን የምወጋ ነኝ፤ መቁጠር ምን ይጠቅመኛል?» የሚል ይኖራል። እንዲያውም ለእርሱ ቆጠራው ይብስ ያስፈልገዋል፤ መድኃኒቱ ከምግቡ ጋር ስለማይለዋወጥ ምግቡ ከመድኃኒቱ ጋር መስማማት አለበት። በየዕለቱ በተመሳሳይ ሰዓት ተቀራራቢ ካርቦሃይድሬት መብላት የእርሱ ቆጠራ ነው፤ ጾምና የእርሻ ሥራ ሰዓቱን ሲያዛቡ መጠኑን አስቀድሞ ከሐኪም ጋር መምከር ይገባዋል።

ሌላው ተቃውሞ ሚዛን የለም፣ የሚበላውም በጋራ ገበታ ነው የሚለው ነው። እውነት ነው፤ ሆኖም ሚዛኑ በየምግቡ አያስፈልግም። የተለመደውን ኩባያ ሩዝ፣ የተለመደውን መጠን ድንችና ቁራሽ ዳቦ አንድ ጊዜ በባለሱቅ ሚዛን መዝኖ መያዝና ድርሻን ለብቻ በሳሕን ማውጣት ይበቃል። የቤት ድፎ ዳቦ ርጥበቱ ስለሚለያይ ቁጥሩ ግምት ነው። ግምቱ መስራቱን የሚያረጋግጠው ከምግብ በፊትና ከሁለት ሰዓት በኋላ የሚለካው የደም ስኳር ነው፤ በተመሳሳይ ምግብ ደጋግሞ ከፍ ካለ ድርሻው ወይም መድኃኒቱ ይታያል።